ከሥራ የተቀነሰ ሰው ለወዳጆቹ ምን ብሎ ይጻፍ?

በቀደም ማታ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ቤት መጣች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ለ6 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆና ሠርታለች። እንግዳ እየሳሳ መጣ። ክፍሎቹ ባዶ ማደር ለመዱ። በመጨረሻ ሆቴሉ ከ48 ሠራተኞቹ 9ኙን ቀነሰ። እሷም አንዷ ሆነች።

ስልኩን ሰጠችኝና አነበብኩት። በቴሌግራም ልትለጥፈው የጻፈችው ነው።

«ሰላም ወገኖቼ። ያለ ምንም ጥፋቴ ከሥራ ተባርሬ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የቤት ኪራይ መክፈል ከብዶኛል። ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ። እባካችሁ ሥራ ፈልጉልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ጋሼ፣ ልለጥፈው?» አለችኝ።

ቆይ አልኳት። ብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ መልእክቶች ከሰው ወደ ሰው እየዞሩ እኔ ጋ ይደርሱ ነበር። የደረሱኝ ግን ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አንባቢው ያዝናል፣ «አይዞሽ» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ክፉ ሆኖ አይደለም። መልእክቱ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ስላልነገረው ነው።

በዚያ ምሽት አብረን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያቆመኝ «ተባርሬ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ «ተባረረ» ሲባል ሰሚው ወዲያው ጥፋት ይፈልጋል። ሰረቀ? ተጣላ? ሰክሮ መጣ? በተለይ ስቶር ኪፐር ተባረረች ከተባለ የሰው ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጎደለ ዕቃ ነው። «ያለ ምንም ጥፋቴ» የሚለው መከላከያ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ራሷ ታነሳለች።

የደረሰባት መባረር አይደለም፤ ቅነሳ ነው። ልዩነቱ የቃል ማሳመር እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳን ለብቻው አስቀምጦታል። ድርጅቱ በሥራ መቀዛቀዝ ወይም ይህን በመሳሰለ ምክንያት ሠራተኛ ሲያሰናብት፣ የተሰናባቾቹ ቁጥር ቢያንስ 10 በመቶ ከደረሰ ቅነሳ ይባላል። ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ያለው ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው መሆን አለበት። ከ48 ሰው 9 ሰው ሲወጣ ይህን ያሟላል። ለዚህ ዓይነት ስንብት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ሕጉ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ያዛል። ስለዚህ «ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት 9 ሰዎች አንዷ ነኝ» ብላ ስትጽፍ እውነቱን በትክክለኛ ስሙ ጠራችው ማለት ነው። 9 የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ ይሠራል። የአንድ ሰው ጥፋት 9 ሰው አያስወጣም።

ከዚያ «የሥራ ልምድ ማስረጃሽ የታለ?» አልኳት። ገና አልተቀበለችም። በነገታው ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ይኸው አዋጅ አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ ማስረጃውን ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማስረጃው ላይ የሥራው ዓይነት፣ ያገለገለችበት ጊዜና ደመወዟ ይጻፋል። መልእክቱን ከመለጠፍ በፊት ይህ ወረቀት እጅ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጥቆማ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። «ረቡዕ ድረስ አስገቢ» ስትባል ወረቀት ፍለጋ መሮጥ ዕድሉን ያስመልጣል። ሲቀበሉት ደግሞ እዚያው ማንበብ ነው። የሥራው መጠሪያ በትክክል መጻፉን፣ የተቀጠሩበት ቀን አለመሳሳቱን ማየት። ስቶር ኪፐር የነበረች ሰው «ልዩ ልዩ ሥራ» ተብሎ ቢጻፍላት 6 ዓመቷ ለሚቀጥለው ቀጣሪ አይታይም።

ሁለተኛው ነገር «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው ነው። ይህን የጻፈችው በትሕትና ነው፤ ይገባኛል። ግን ሥራ እንዴት እንደሚጠቆም እናስበው። አንድ ሰው ካፌ ቁጭ ብሎ «የኛ መሥሪያ ቤት ስቶር ኪፐር እየፈለገ ነው» ሲባል ይሰማል። በዚያች ደቂቃ የእሷ ስም ትዝ እንዲለው በልቡ «ስቶር ኪፐር» በሚል መቀመጥ አለባት። «ማንኛውንም ሥራ» በሚል የተቀመጠ ሰው ለየትኛውም ሥራ ትዝ አይልም። ሒሳብ ሠራተኛ ሲፈለግም፣ አስተናጋጅ ሲፈለግም፣ ማንም እሷን አያነሳም።

«ምን ትሠሪ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። «ስቶር» አለች። «ስቶር ምን?» አልኩ። ቀስ በቀስ ወጣ። የምግብ፣ የመጠጥ፣ የጽዳትና የአልጋ ልብስ ዕቃ፣ በጠቅላላው ወደ 400 ዓይነት ትይዝ ነበር። ዕቃ ሲገባ ከደረሰኙ ጋር አመሳክራ ትረከባለች። ወጥ ቤቱ ሲጠይቅ በወጪ ሰነድ ታስፈርማለች። የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ትመዘግባለች፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። የሚበላሸው ዕቃ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ታደርጋለች። በየወሩ ቆጠራ ላይ ከሒሳብ ክፍል ጋር ትቆማለች። ይህን ሁሉ «ስቶር» በምትል አንዲት ቃል ሸፍናው ነበር።

ሰው ሥራውን ሲለምደው አይታየውም። ለዚህ ነው ብቻችንን ከመጻፍ ሰው ጠይቆን ብንመልስ የሚሻለው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ገቢና ወጪ ሰነዶች ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ይባላሉ። የሆቴሉ ሰነዶች መጠሪያቸው ሌላ ነበር፤ ሥራው ግን ያው ነው። «በሞዴል 19 እና 22 ሠርቻለሁ» ብላ ብትጽፍ ግን ውሸት ይሆናል፤ በፈተናው ቀንም ይታወቅባታል። ያልነበረውን ሳንጨምር የነበረውን በስሙ ጠራነው።

አንድ መስመር ግን እኔ አስጨመርኳት፤ «ዋስ ማቅረብ እችላለሁ» የሚለውን። ገንዘብና ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ብዙ ቦታ ዋስ ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት ሥራ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ። መጀመሪያ ዋስ የሚሆናትን ሰው እንድታነጋግር አደረግሁ። አጎቷ እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ የገባው። ለቀጣሪ ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ከ«ታማኝ ነኝ» ይልቅ ትመዝናለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሥራ ፈልጉልኝ» የሚለው ልመና ላይ ረጅም ተነጋገርን።

እኛ ይሉኝታ የምናውቅ ሰዎች ነን። ሥራ ፈልግልኝ የተባለ ሰው ትልቅ ሸክም ነው የሚሰማው። መቅጠር አይችልም፤ አለቃ አይደለም። «አልችልም» ማለት ደግሞ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ከዚያ መንገድ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ጠያቂዋም በበኩሏ ዝምታውን ንቀት ታደርገዋለች። ሁለቱም ሳይበዳደሉ ይቀያየማሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

መፍትሔው የሚጠየቀውን ነገር ማሳነስ ነው። ሥራ ሳይሆን ወሬ መጠየቅ። «እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ካያችሁ ንገሩኝ» ሲባል ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። የሆስፒታል ጥበቃውም፣ የባንክ ጸሐፊዋም ማስታወቂያ ሰሌዳ ያያሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር የሚወጣው በማስታወቂያ ነው፤ የምዝገባው ጊዜም አጭር ነው። በጊዜው ማወቅ ብቻ ትልቅ እርዳታ ነው። ደግሞ ይህ አማላጅ መላክ አይደለም። ማንም ሰው ሕሊናውን ሳይጎዳ የሚሰጠው ነገር ነው። የጠያቂዋም ክብር እዚህ ላይ ነው የሚጠበቀው፤ አንባቢዋን ማድረግ የማይችለውን ነገር አላስጨነቀችውም።

«ባይኖርም ችግር የለውም» የሚል ሐረግም ጨመርን። መጀመሪያ አልወደደችውም። «ችግር አለው እንጂ፣ ጋሼ» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሐረጉ የተጻፈው ባዶ እጁን ላለው አንባቢ ነው። እሱ ዛሬ ሳይሸማቀቅ ካለፈ በሚቀጥለው ወር ወሬ ሲሰማ ይደውልላታል።

የቤት ኪራዩንስ? ችግርን መናገር ነውር አይደለም። የሚነገርለት ሰው ግን ይለያል። ኪራዩ ለእህት፣ ለአጎት፣ ለቅርብ ጓደኛ ይነገራል፤ እነሱ ሊደርሱላት ይችላሉ። 600 ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ ሲጻፍ ግን አንባቢው ስለ ሥራ ማሰቡን ትቶ ስለ ገንዘብ ማሰብ ይጀምራል። ቀጣሪ ካየው ደግሞ የባሰ ነው። እንደተቸገረች ካወቀ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው።

መልእክቱ ለማን ይላክ? «ለዘመዶቼና ለጓደኞቼ» አለችኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቦስተን አጠገብ ባለች ኒውተን በተባለች ከተማ ያጠናውን አሳተመ። በቅርቡ ሥራ የቀየሩና ወሬውን ከሚያውቁት ሰው ያገኙ ሠራተኞችን «ያን ሰው በምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት ሰው ነው ያሉት ከ100 ወደ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቡና ላይ ነው የምትቀመጡት። ራቅ ያለው ሰው ግን አንቺ የማትደርሺበት ቦታ ይውላል።

አገሩ ሌላ ነው፣ ዘመኑም ርቋል። ሐሳቡ ግን ለእሷ እንደ ተሰፋ ልብስ ልኳ ነበር። «ስቶርሽ ውስጥ ማን ማን ይገባ ነበር?» አልኳት። ዱቄት የሚያመጣው ሹፌር። እንቁላል የሚያቀርበው ሰውዬ። የለስላሳ አከፋፋይ። የሳሙና ነጋዴዋ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ። ሁሉም በየሳምንቱ እሷ ፊት ይፈርሙ ነበር። ሁሉም ደግሞ ከእሷ ወጥተው ወደ ሌላ ስቶር ይሄዳሉ። በከተማው ውስጥ ያሉ ስቶር ኪፐሮችን ሁሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዘመዶቿ አንዱም ይህን አያውቅም። የ14 ሰው ስም ጻፍን። የስልክ ቁጥራቸው እጇ ላይ ነበር።

ለእነዚህ በግሩፕ ሳይሆን ለእያንዳንዳቸው በስማቸው እንድትጽፍ ተስማማን። ለቀድሞ የሒሳብ ኃላፊዋ ደግሞ መደወል ነው የሚገባው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በጽሑፍ ብቻ ማለፍ ደስ አይልም። «እትዬ፣ ስለ ሥራዬ የሚጠይቅ ቀጣሪ ቢኖር የእርስዎን ስልክ ልስጥ?» ብላ አስፈቀደቻቸው። ሳያስፈቅዱ የሰው ስም መስጠት ሁለቱንም ያሳጣል። በድንገት የተደወለለት ሰው ይወላውላል፣ ቀጣሪው ደግሞ ያንን መወላወል በእሷ ላይ ይቆጥረዋል።

ለሁሉም የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ።

«መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ጎንደር። የስቶር ኪፐር ወይም የንብረት ክፍል ሥራ እየፈለግሁ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ወይም ባሕር ዳር መሥራት እችላለሁ።

ላለፉት 6 ዓመታት በሆቴል ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሥራ በመቀዛቀዙ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት 9 ሰዎች አንዷ ነኝ። ወደ 400 ዓይነት የምግብ፣ የመጠጥና የጽዳት ዕቃ ስረከብ፣ ሳወጣና በየወሩ ሳስቆጥር ቆይቻለሁ። በቢን ካርድም በኮምፒውተርም እመዘግባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬ በእጄ ነው። ዋስ ማቅረብ እችላለሁ።

እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ወይም የተለጠፈ ማስታወቂያ ካያችሁ ንገሩኝ። ንብረት ክፍል የሚሠራ የምታውቁት ሰው ካለም ይህን ብታስተላልፉልኝ ደስ ይለኛል። ባይኖርም ችግር የለውም። ስላነበባችሁልኝ አመሰግናለሁ።»

ከታች ሙሉ ስሟና ስልኳ አለ። ስልኩ ጽሑፉ ውስጥ መሆኑ ግድ ነው። መልእክት ሲዞር ሰው ስክሪንሾት ያነሳል ወይም ገልብጦ ይልካል፤ የላኪው ስም ይጠፋል። ቀኑም ለዚሁ ነው። ቀን የሌለው መልእክት ከዓመት በኋላም ይዞራል፤ ያኔ ሥራ ይዛ እያለች ይደወልላታል፣ ወይም አንባቢው «ይህ የቆየ ነው» ብሎ ዛሬ የተጻፈውን ይተወዋል። ሥራው መጀመሪያ፣ ታሪኩ ቀጥሎ የመጣውም በምክንያት ነው። ፌስቡክ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከጥቂት መስመር በኋላ ይታጠፋል። የማይታጠፈው ክፍል ላይ የሥራው ስምና ቦታው መኖር አለበት። በቴሌግራም ፎቶ ጨምራችሁ ከሥሩ የምትጽፉ ከሆነም ቦታው ውስን ነው። በተለመደው አካውንት 1024 ፊደል ብቻ ይቀበላል። የእሷ ጽሑፍ በዚያ ውስጥ ይገባል።

ያላስገባነውም አለ። የትምህርት ማስረጃዋን፣ መታወቂያዋን፣ የልምድ ወረቀቷን ፎቶ አላያያዝንም። እነዚህ የሚሰጡት ለታወቀ ቀጣሪ እንጂ ለማይታወቅ ሕዝብ አይደለም። ደመወዟንም አልጻፍንም፤ ማስረጃው ላይ ስላለ ቀጣሪው በጊዜው ያየዋል። ስለ ሆቴሉም ክፉ ቃል የለም። የሚቀጥለው ቀጣሪ ያንን ሲያነብ ነገ ስለ እሱ ምን እንደምትል ነው የሚያስበው።

ከመለጠፏ በፊት አንድ ፈተና ሰጠኋት። «ለእናትሽ አንብቢላቸውና ነገ ቡና ላይ ምን እንደሚሉ ስሚ» አልኳት። እናቷ ቴሌግራም የላቸውም፤ እድር ላይ ግን የሚያውቁት ሰው ብዙ ነው። በነገታው ለጎረቤት ሲያወሩ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ የሆቴል ስቶር ነበረች፤ ሆቴሉ ሰው ሲቀንስ ወጣች። ስቶር ኪፐር የሚፈልግ ከሰማሽ ንገሪኝ።» አንዲት ቃል አልጠፋም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ «ልጄን አባረሯት» ብለው ያለቅሱ ነበር።

ከተለጠፈ በኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን አንድ የማታውቀው ሰው ጽፎ «ቦታ አለ፣ ለፎርም 800 ብር ላኪ» አላት። የድርጅቱን ስምና አድራሻ ስትጠይቀው «መጀመሪያ ክፈይ» አለ። ለይቶ ማወቂያው ይኸው ነው። እውነተኛ ጥቆማ ቦታ አለው፤ ሄደሽ የምታይው ቢሮ፣ የምታነቢው ማስታወቂያ። ከገንዘብ የሚጀምር ጥቆማ ሲመጣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሌላም ገደብ አለ። መልእክት ሥራ አይፈጥርም። ከተማው ውስጥ ሆቴሎች ሁሉ ሰው እየቀነሱ ከሆነ የሆቴል ስቶር ቦታ አይገኝም፤ የቱንም ያህል ቢጻፍ። ለዚህ ነው «የንብረት ክፍል» የሚል የጨመርነው። ሆስፒታልም፣ ፋብሪካም፣ የእርዳታ ድርጅትም መጋዘን አላቸው። አንድ ወር ቆይቶ ምንም ካልመጣ መልእክቱን ደጋግሞ ከመለጠፍ የተላከላቸውን ሰዎች ዝርዝር ማስፋት ይሻላል። ለአንድ ግሩፕ በየሳምንቱ የሚላክ መልእክት ከሦስተኛው በኋላ አይነበብም።

በስድስተኛው ቀን ተደወለላት። የደወለው እንቁላል አቅራቢው ነው። በየሐሙሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሰላምታ በቀር ብዙ ተነጋግረው አያውቁም። አዘዞ አካባቢ ያለ አንድ መጋዘን ስቶር ኪፐር እንደሚፈልግ፣ ማስታወቂያው በሩ ላይ እንዳለና ዓርብ እንደሚነሳ ነገራት። ረቡዕ ዕለት ማስረጃዋን ይዛ ሄደች፤ አስገባች። ውጤቱ ገና አልታወቀም።

ማታ ለእንቁላል አቅራቢው የጻፈችውን አሳየችኝ። ይህን እንድታደርግ አልነገርኳትም ነበር። «ጋሼ፣ በነገሩኝ መሠረት ዛሬ ሄጄ አስገብቻለሁ። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብለውኛል። ውጤቱን አሳውቅዎታለሁ።»